ጀማ ዳር የተነሳ ፎቶ፦ አዞ ነው ወይስ አርጃኖ?

የጀማው_ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ቤተሰቦቼ ግን መርሐቤቴ ቆላው ላይ ጀማ ወንዝ አጠገብ ናቸው። ባለፈው እሑድ የአጎቴ ልጅ ፍየሎቹን ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ፣ ዱላውን አሸዋው ላይ ተክሎ የባዘነች ፍየል ሊመልስ ወደ ላይ ወጣ። ሲመለስ ዱላው አጠገብ ይሄ ፎቶው ላይ የምታዩት ነገር ተጋድሞ አገኘው። ከገደሉ ጫፍ ሆኖ በስልኩ አነሳው፤ ወዲያው ተፈናጥሮ ውሃ ውስጥ ገባበት። ሁለተኛው ፎቶ አውሬው ከሄደ በኋላ እዚያው ቦታ የተነሳ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማታ ላይ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያየውን ነው፤ ውሃው ላይ ሁለት እብጠት ነገር ይታያል።

ሰፈሩ «አዞ መጣ» ብሎ ተሸብሯል። ሴቶቹ ልብስ ማጠብ አቁመዋል፣ ልጆቹ እንዳይዋኙ ተከልክለዋል፣ ጎረምሶቹ ደግሞ ድንጋይና ጦር ይዘው ዳር ዳሩን እየፈለጉት ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ይሄ አርጃኖ ነው፣ ተዉት» ብለዋል፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም። የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ፣ ለቤተሰብ ቁርጡን ልንገራቸው።

ሞረት_ጤፍ
ይሄማ አዞ ነው ወንድሜ፣ ምን ያጠያይቃል? ከዱላው ይረዝማል እኮ! አርጃኖ ስንት ታክላለች? እኛ አገር ገደል ስር የማያት ክንድ ብትሞላ ነው። ሰው የሚያክል እንሽላሊት አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

ዝምታ_ወርቅ
ጀማ አባይ ነው የሚገባው፣ አባይ በረሃ ደግሞ አዞ እንዳለ የታወቀ ነው። ሽቅብ እየዋኘ ቢመጣ ምን ይገርማል። ሰው ሳይበላ ቢገድሉት ይሻላል።

ባዮ_መምህርት
ገና ምን እንደሆነ ሳይታወቅ «ይገደል» ትላለህ? ቀለሙን እዩ እንጂ። ጎኑ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፣ ወገቡ ላይ ደግሞ ቢጫ ቀለበት ቀለበት ነገር ይታየኛል። አርጃኖ ቢጫ ነው፣ አዞ ግራጫ ነው። አለቀ።

ሞረት_ጤፍ
እህቴ፣ ያ ቢጫ አሸዋ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ ወጥቶ። ደግሞ ጅራቱን እዪው፣ ከጎን ወደ ጎን የተጨፈለቀ ነው፣ እንደ ሰይፍ። ለመዋኘት የተሠራ የአዞ ጅራት ነው። የጅራቱ ጀርባ ላይም መጋዝ የመሰለ ጥርስ ይታያል፣ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት።

ቆላ_ምንጃር
እኛም ጋ አለ ይሄ ነገር፣ ቀሰም ወንዝ ዳር። ባለፈው ዓመት ሦስት ዶሮ በልቶ የሄደ እሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ውሻዬ ቢተናኮለው በጅራቱ ገርፎት ዓይኑ አብጦ ሰነበተ። ከዚያ ዛፍ ላይ ወጣ። ዶሮ ቤቱን በምን ባጥረው ይሻላል? የሽቦ አጥሩን ከስሩ ቆፍሮ ነው የገባው።

የጀማው_ልጅ
ጋሼ፣ የዶሮውን ሌላ ክር ክፈቱለት እባክዎ፣ እዚህ ሰዎቼ ውሃ መቅዳት ፈርተው ተቀምጠዋል።

የጀልባው_ሰው
እንደምን ዋላችሁ። እኔ ጫሞ ሐይቅ ላይ ቱሪስት በጀልባ እያመላለስኩ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ዕለት ዕለት የማየው አዞ ነው። አርጃኖም እዚያው ዳር ላይ አለ፣ የአዞ እንቁላል እየቆፈረ ስለሚበላ ሁለቱን በአንድ ቀን የማይበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዶሮው ባለቤት ሳያስበው አንድ ጠቃሚ ነገር ተናግሯል፦ ዛፍ ላይ ወጣ አለ። ያንተ አርጃኖ ነው፣ በዚህ አልጠራጠርም። ትንንሽ አዞ ጎንበስ ያለ ግንድ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ውሻ እያባረረው ቀጥ ያለ ዛፍ ላይ የሚሮጥ ግን አርጃኖ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ሞረት_ጤፍ፣ «ይረዝማልና አዞ ነው» የሚለውን ተወው። የወንዝ አርጃኖ ሁለት ሜትር ድረስ ይሄዳል። አዞ ደግሞ ከእንቁላል ሲወጣ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ አዞም አርጃኖም አለ፣ ርዝመት ብቻውን አይለይም። ቀለሙም እንደዚያው ነው፣ መምህርቷ ግማሽ እውነት ነው የያዘችው። ያደገ አዞ ግራጫ ነው፣ ልክ ናት። ታዳጊው ግን ቢጫማ ሆኖ ጥቁር መስመር መስመር አለው፤ ያረጀና ጭቃ የለበሰ አርጃኖ ደግሞ ግራጫ መስሎ ይታያል። ፎቶው ከመጨናነቁ ብዛት ቀለሙን አላምነውም።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ፎቶውን በቴሌግራም እንዲሁ ነው የላከልህ? ከሆነ ጥራቱ ወርዷል። በ«ፋይል» አድርጎ እንደገና ይላክልህና ዋናውን እዚህ ጫነው። አፉን ማየት እፈልጋለሁ።

የጀማው_ልጅ
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል፣ ገበያ ቀን ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል።

ዝምታ_ወርቅ
እስከ ገበያ ቀን ድረስ ስንት ሰው ይበላል?

ባዮ_መምህርት
እስካሁን አንድም ፍየል እንኳ አልጎደለም እኮ። የአዞ እንባ አታንባ።

የጀማው_ልጅ
ዋናው ፎቶ ደርሷል፣ ከላይ ተክቼዋለሁ። ዱላውንም ለክቶልኛል፣ 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ከአሸዋው በላይ የቆመው 1 ሜትር ከ20 ያህሉ ነው ብሏል።

የጀልባው_ሰው
ጎሽ። አሁን ብዙ ነገር ይታያል። በትዕግሥት አንብቡኝ፣ ረዘም ይላል።

ከአፉ ልጀምር። አዞ አፉን ገጥሞ ሲቀመጥ ጥርሱ ውጭ ይቀራል። ከንፈር የለውም፤ የአፉ መስመር ቀጥ ያለ ሳይሆን ወጣ ገባ የሚል ነው፣ ከታችኛው መንጋጋ አራተኛው ጥርስ ደግሞ ላይኛው መንጋጋ ጎን ላይ ካለ ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ከውጭ ይታያል። እዚህ ፎቶ ላይ የአፉ መስመር ቀጥ ብሎ የተሰመረ ነው፣ አንድም ጥርስ አይታይም። አርጃኖ ጥርሱን በከንፈሩ ይሸፍነዋል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አልቆርጥም፣ ከዚህ ርቀት ጥርስ ላይታይ ይችላል። ከሩቅም የማይሸሸገው የአፍንጫው ቀዳዳ ያለበት ቦታ ነው። አዞ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ለመተንፈስ ቀዳዳውን የአፉ ጫፍ ላይ፣ ከላይ በኩል ነው የያዘው፣ ስለዚህ ከጎን ስታየው የአፉ ጫፍ እብጥ ይላል። የወንዝ አርጃኖ ቀዳዳው ከጫፉ ርቆ ወደ ዓይኑ ሄዷል፣ አፉ ደግሞ ወደ ጫፉ እየሾለ ይሄዳል። ፎቶውን አጉሉትና ዓይኑን አግኙ፤ ከዓይኑ ትንሽ ወደፊት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ጫፉ ላይ ግን ምንም እብጠት የለም። ነጥቧ አፍንጫው ናት።

ቀጥሎ አቋሙ። የአጎትህ ልጅ እድለኛ ነው፣ እንስሳው ሳይተኛ ነው ያነሳው። ደረቱ ከአሸዋው ተነስቷል፣ የፊት እግሮቹ ክርናቸው ወደ ውጭ ወጥቷል፣ አንገቱ ደግሞ ከጀርባው በላይ ቀና ብሏል፣ ሰው ሲሰማ ቀና እንደሚል እባብ። አዞ አንገት የለውም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ጭንቅላቱ በቀጥታ ትከሻው ላይ ነው የተተከለው የሚመስለው። ፀሐይ ሲሞቅ በሆዱ ተዘርግቶ ነው የሚተኛው፣ ብዙ ጊዜም አፉን ከፍቶ ነው።

ሞረት_ጤፍ
አዞም እኮ በእግሩ ቆሞ ይሄዳል! ቪዲዮ አይቻለሁ፣ ሆዱ መሬት ሳይነካ እንደ ላም ይራመዳል።

የጀልባው_ሰው
ትክክል ነህ፣ ይሄዳል። እኔም ሁልጊዜ አያለሁ። ሲቆም ግን እግሮቹ ከሆዱ ስር ይገባሉ፣ ጭንቅላቱም ከጀርባው ጋር በአንድ መስመር ይሆናል፣ አንተም «እንደ ላም» ያልከው ለዚህ ነው። የዚህኛው ክርን ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ ጀርባው ዝቅ ብሎ ጭንቅላቱ ከፍ ብሏል።

የጅራቱን ነገር ደግሞ ግማሹን ልክ ብለሃል። ከጎን ወደ ጎን የተጨፈለቀ ነው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን የወንዝ አርጃኖ ጅራትም እንዲሁ ነው፣ እሱም ዋናተኛ ስለሆነ። ስለዚህ መጨፍለቁ አይለያቸውም። የሚለየው ርዝመቱና ጫፉ ነው። የአዞ ጅራት ከጠቅላላ ርዝመቱ ግማሽ ያህል ነው፣ መነሻው ወፍራም ሆኖ የገላው ቀጣይ ይመስላል። የአርጃኖ ጅራት ከገላው ይበልጣል፣ መጨረሻው እንደ አለንጋ ቀጥኖ ያልቃል። የቆላ_ምንጃር ውሻ የተገረፈውም በዚያ ነው።

ሞረት_ጤፍ
እና ያ መጋዙስ? አሁን በዋናው ፎቶ ላይ እንዲያውም ጎልቶ ነው የሚታየው። ከጅራቱ መሃል ጀምሮ ጥርስ ጥርስ እያለ ይሄዳል። አዞ ካልሆነ ይሄ ምንድን ነው?

የጀልባው_ሰው
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያሳሰበኝ እሱ ነበር። አዞ ጅራቱ ላይ ሁለት ረድፍ የቆሙ ቅርፊቶች አሉት፣ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ተዋህደው አንድ ረድፍ ይሆናሉ። አርጃኖ ጅራቱ ላይ ዝቅ ያለ ጠርዝ አለው እንጂ መጋዝ የለውም። ስለዚህ መጋዙ የእውነት ከሆነ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ባዮ_መምህርት
ሁለተኛውን ፎቶ ያየ ሰው የለም? አውሬው ከሄደ በኋላ ያለውን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ዱላው አንድ ቦታ ነው፣ ያ «መጋዝ» ደግሞ አውሬው በሌለበትም እዚያው ነው! ከጅራቱ ጀርባ የተደረደሩ ጥቋቁር ጠጠሮች ናቸው። ውሃው ሲጎድል ጥሏቸው የሄደ መስመር።

የጀማው_ልጅ
😂 እውነትም! ከዱላው በስተቀኝ ቁጠሩ፣ ሰባቱም አሉ።

ሞረት_ጤፍ
እሺ፣ ጠጠሩን ተቀብያለሁ። ርዝመቱ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

የጀልባው_ሰው
መምህርቷ ዓይን አላት፣ እኔ ያንን አላየሁትም።

ርዝመቱን አብረን እንለካው እንግዲህ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ በማስመሪያ ለካሁት፣ የተጠማዘዘውን ጅራት በክር ተከተልኩት። ከአሸዋው በላይ ያለው ዱላ 4.8 ሳንቲ ሜትር መጣ፣ ያ የእውነት 120 ከሆነ፣ አንዷ የስክሪን ሳንቲ ሜትር 25 ናት ማለት ነው። እንስሳው ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ 6 ሆነ፣ ስለዚህ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዱላው ከእንስሳው ትንሽ ቀረብ ወይም ራቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ይሄን ቁጥር እንደ ግምት ያዙት።

ዱላው ቢሳሳት እንኳ የማይሳሳት ሌላ መለኪያ አለ፣ እሱም የአካሉ ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው መጠን ነው። ከአፉ ጫፍ እስከ ኋላ እግሩ መጋጠሚያ 2.4 ነው፣ ጅራቱ 3.6። ጅራቱ ገላውን በአንድ ተኩል እጥፍ በለጠው። ጭንቅላቱ ደግሞ 0.4 ብቻ ነው፣ ስድስትን ለ0.4 ስታካፍሉ ጭንቅላቱ አሥራ አምስት ጊዜ ይገባል። የአዞ ጭንቅላት ግን ከጠቅላላ ርዝመቱ ሰባተኛው ያህል ነው። ይሄ አዞ ቢሆን ጭንቅላቱ ስክሪኑ ላይ 0.85 አካባቢ መሆን ነበረበት፣ ከዚህ ከእጥፍ በላይ። በእውኑ ደግሞ አንድ ስንዝር የሚሞላ ጭንቅላት ነው የምትጠብቁት፣ ይሄኛው ግማሽ ስንዝር ነው።

ይሄ ዘዴ የሚሠራው እንስሳው ጎኑን ሲሰጥ ነው። ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ቢሆን ጅራቱ አጥሮ ጭንቅላቱ ገዝፎ ይታይ ነበር። ጅራቱ ተቆርጦ ቢሆንም አይሠራም፣ ጅራታቸው የጎደለ አርጃኖዎች አጋጥመውኛል፣ የአርጃኖ ጅራት እንደ ቤት እንሽላሊት መልሶ አያድግም። ይሄ ግን ጎኑን ሰጥቷል፣ ጫፉም እስከ አለንጋው ድረስ ይታያል። አርጃኖ ነው። ሽማግሌው ልክ ናቸው።

የጀማው_ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለአያ ደውዬ ነገርኳቸው፣ «እኔስ ምን አልኩ» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።

ዝምታ_ወርቅ
ሦስተኛው ፎቶስ? እሱን ሁላችሁም ዘላችሁታል።

የጀልባው_ሰው
አልዘለልኩትም፣ የምለው ስላጣሁ ነው። ሁለት እብጠት ይታያል፣ መሃላቸው ውሃ ነው። አዞ ሲንሳፈፍ ከፊት አፍንጫው፣ ከኋላው ዓይኖቹ ብቅ ይላሉ፣ መሃሉ ይሰምጣል፣ ያን ይመስላል። ግን ሁለት ድንጋይም፣ የተንሳፈፈ ግንድም ያን ይመስላል። ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ፎቶ ቢኖር ኖሮ፣ የወራጁን አካሄድ ጥሶ እንደሄደ ወይም እንደቆመ ይታወቅ ነበር። በአንዷ ፎቶ አዞ ነውም አይደለምም አልልም።

ዝምታ_ወርቅ
ስለዚህ አዞ ሊኖር ይችላል። እኔ ያልኩት ያንን ነው።

ባዮ_መምህርት
አንተ ያልከው «ይገደል» ነው።

ቆላ_ምንጃር
አባቴ በእሱ ዘመን ቀሰም ላይ አዞ ነበር ይሉ ነበር። አሁን ያየ ግን አላገኘሁም። ያዩትም አርጃኖ ይሁን አዞ እንግዲህ ማን ያውቃል፣ ዱላ ተክሎ የለካ አልነበረም።

የጀማው_ልጅ
ጋሼ፣ ሦስተኛውን ለማጣራት ምን እናድርግ? ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳው ከዚያው ከታጠፈበት ነው።

የጀልባው_ሰው
ማታ ጨለማ ሲሆን ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ገደሉ ላይ ቁሙ፣ ውሃው አጠገብ አትውረዱ። ጠንካራ ባትሪ ይዛችሁ፣ ባትሪውን ከዓይናችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ውሃው ላይ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አዞ ካለ ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቶ ይመልስላችኋል፣ ከሩቅ ይታያል። አርጃኖ ቀን ቀን ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ማታ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ምሽት ምንም ባታዩ ግን «የለም» አትበሉ፣ ጠልቆ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት አራት ምሽት ሞክሩት። ቀን ደግሞ አሸዋው ላይ ዱካ ፈልጉ። የአዞ ሆድ ሲንሸራተት የሚተወው ሰፊና ለስላሳ መስመር ነው፤ የአርጃኖ ጅራት ቀጭን መስመር ይስላል፣ ግራና ቀኙ ላይ የረጃጅም ጥፍር ምልክት አለ።

እስከዚያ ድረስ ውሃውን ጥልቀት ከሌለውና ታቹ ከሚታይበት ቦታ ቅዱ። ጎረምሶቹም አርጃኖውን ጥግ አያስይዙት። የሰው ጠላት አይደለም፣ መውጫ ሲያጣ ግን ይነክሳል፣ ንክሻውም ያመረቅዛል።

ሞረት_ጤፍ
የኔን ገደል ስር ያለችውን ትንሿንም ልለካት ነው። ቆማ ከጠበቀችኝ።

የጀማው_ልጅ
ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሁለት ምሽት በባትሪ አይተው ምንም ቀይ ዓይን አላገኙም። በሦስተኛው ቀን ላይ ሰላሌ በኩል ዘንቦ ጀማ ሞላ፣ ውሃው ደፍርሶ አሸዋውም ዱካውም ተጠርጎ ሄደ። ሴቶቹ ልብስ ማጠብ ጀምረዋል፣ የላይኛው መሻገሪያ ላይ። ከታጠፈበት ግን እስካሁን የሚቀዳ የለም። አርጃኖው ትናንት ኩይሳ አጠገብ ታይቷል፣ ጎረምሶቹ ሳይሆኑ አያ ናቸው ያዩት፣ የት እንደሆነ ግን ለማንም አልናገርም ብለዋል።

ቆላ_ምንጃር
ኩይሳ ውስጥ ነው እንቁላሉን የሚጥለው፣ እኛም ጋ እንደዚያ ነው። የዶሮ ቤቱን ነገር ግን አሁንም የመለሰልኝ የለም።